ስም ለቀማ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ሥር ካሉት የንግድ ቤቶች በአንዱ ውስጥ በአንድ ጊዜ አምስት ኪሎ ቡና የሚቆላ ማሽን ቆሟል። የአክስቴ ልጅ ናት የገዛችው። ጭስ ማውጫው ተገጥሟል፣ ጎረቤት በጭሱ እንዳይከሰን ቱቦው እስከ ጣራ ድረስ ተስቧል፣ ጥሬ ቡናውም በጆንያ ተደርድሯል። የቀረው ስም ብቻ ነበር። ስሙ ግን ከማሽኑ በላይ አስቸገረን።

አንድ እሑድ ቤቷ ቁጭ ብለን የመጣልንን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍን። ሃያ ሦስት ስም ወጣ። ስናነበው ሳቃችን መጣ። ጀበና በአምስት ዓይነት ቅጽል ተደግሟል። ስኒ አለ፣ ፍሬ አለ፣ ረከቦት አለ፣ አቦል አለ፣ በረካ አለ። እሷም እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ሁሉንም ሰረዘችና አንድ ደንብ አወጣች፤ “ሰው ስኒና የቡና ፍሬ ሳያስብ ቡናው ከየት እንደመጣና እኛ ምን እንደምንሠራ የሚነግር ስም ፈልግልኝ።”

ለምን እንዲህ እንደከረረች ይገባኛል። ከገላን እስከ ቃሊቲ በታክሲ ስትሄዱ በመስኮት ብታዩ ጀበና ያልተሳለበት የቡና ማስታወቂያ ማግኘት ያስቸግራል። ጀበና ሁሉም ላይ ሲሳል የማንም አይደለም። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ቃል እንደ ምልክት እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ቡና የሚሸጥ ሰው “ጥሩ ቡና” የሚለውን ቃል የግሉ ላድርገው ቢል ሌላው ሻጭ ምን ብሎ ሊሸጥ ነው?

እና ደንቡ ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይጠይቃል፤ መነሻንና ሙያን። እኔ ቋንቋ የተማርኩ ነኝ፣ ቀላል መስሎኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን የገባኝ፣ ጥያቄው የቋንቋ ብቻ አለመሆኑ ነው። ስም ስናወጣ ምን ያህል መዋሸት ይፈቀድልናል? የሰው አገር ወይም የሰው ሥራ ወስደን ደጃፋችን ላይ ስንለጥፍስ ዕዳ የለብንም?

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቦታ ስም ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ይርጋጨፌ ስትል ነገሩ አለቀ፤ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። የአክስቴ ልጅ ግን ሦስቱን ጆንያ አሳየችኝ። አንዱ ከይርጋጨፌ አካባቢ ነው፣ አንዱ ከጅማ፣ ሦስተኛው ነጋዴው “የደቡብ ነው” ከማለት በቀር ሌላ ያልነገራት። “የዘንድሮውን በይርጋጨፌ ጠራሁት እንበል፤ የከርሞው ከሊሙ ቢሆንስ? ስሜን ልቀይር ነው?” አለችኝ።

ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ አይደለም። አገር ውስጥ ቡና የሚቆላ ሰው እንደ ውጭው ገዥ መርጦ አይገዛም። ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዘመን ሲከለክል ኖሯል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከኤክስፖርት ደረጃ የወረደው ነው። በምርት ገበያ በኩል ሲገበያይ ደግሞ የአንድ አካባቢ ቡና ከአካባቢውና ከደረጃው ጋር እየተደባለቀ ያልፍ ስለነበር፣ የትኛው ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደመጣ ለማወቅ ለዓመታት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። “ይርጋጨፌ” የሚለው ስም ራሱ አንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። በንግዱ ይርጋጨፌ ተብሎ የሚሸጠው የወናጎንም፣ የኮቸሬንም፣ የገላና አባያንም ቡና ይጨምራል።

ገላና የሚለውን ስሰማ ብድግ አልኩ። እኛ ያለነው ገላን! “ገላን ቡና” ብንልስ? ውሸት የለበትም፤ የምንቆላው እዚሁ ነው። ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው፤ ቦታው የሚጠራው በሰዎቹ ነው። ስሙ ክብደት አለው፣ አጭር ነው፣ ለጆሮ ይጥማል።

የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ ቆየችና “ቡና የሚያውቅ ሰው ገላን ሲል ገላናን ይሰማል” አለችኝ። ልክ ነበረች። ገላን ኮንዶሚኒየም ቡና አይበቅልም። እዚህ ያለው ብሎክ፣ አቧራ፣ ፋብሪካና የደብረ ዘይት መንገድ ነው። ግን ስሙን የሰማ ደንበኛ ቡና የሚበቅልበት ወረዳ መስሎት ሊገዛን ይችላል። እኛ አንዲት የውሸት ቃል ሳንናገር እሱ ተታሎ ይሄዳል። የማልዋሽበት ግን ሰው የሚሳሳትበት ስም፣ ስህተቱን እያወቅሁ ከተጠቀምኩበት፣ ከውሸት በምን ይለያል? እኔ ልዩነት አላየሁም። ሰውዬው ኪሱ ሲገባ የሚያስበውን አውቃለሁ፤ ዝም ያልኩትም ስለሚጠቅመኝ ነው።

ገላን ተሰረዘ። ትንሽ ከፋኝ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ቦታ ስም ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝን ታሪክ ላንሳ። ብዙዎቻችሁ በጨረፍታ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ሦስት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሲዳሞ ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ተይዟል። ስታርባክስ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2004፣ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን የራሱን ምርት ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የምርቱ ሙሉ ስም ምን መሰላችሁ? “ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ”።

ሽርክና! የኛው ቃል። ኩባንያው ከገበሬው ጋር ያለውን ግንኙነት ለማሳየት የመረጠው ቃል ነው። ከሽርክናው አንደኛው ወገን ስሙ ሲመዘገብ አልተጠየቀም። ስታርባክስ ማመልከቻውን በ2006 ተወው፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ግን በሐረርና በሲዳሞ ላይ ተቃውሞ አቀረበ። ክርክሩ ባጭሩ፣ እነዚህ ቃላት የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋልና የማንም ሊሆኑ አይችሉም የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ እላይ እኔ በጀበና ላይ ያነሳሁት ክርክር ነው። ኦክስፋም ዘመቻ ጀመረ፣ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተፈራረሙ።

እኔን የሚገርመኝ የስምምነቱ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያ ስሙን አትጥሩ አላለችም። ለስሙ ክፈሉም አላለችም፤ ፈቃዱ ያለ ክፍያ ነው። የጠየቀችው፣ ስሙ የኛ መሆኑን አምናችሁ፣ በፈቃድ ተጠቀሙ ብላ ነው። በአውሮፓ እንደተለመደው ቦታውን በምስክር ወረቀት ማስጠበቅም ይቻል ነበር። ግን ቡናችን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ማሳዎች የሚመረት፣ በእግር፣ በአህያና በጭነት መኪና ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ስለሆነ እያንዳንዷን ጆንያ ማረጋገጥ የማይሞከር ነበር። ስለዚህ ስሙን ራሱን ያዙት።

ታሪኩ ለኛም ሙሉ በሙሉ ምቹ አይደለም። ሲዳሞ የድሮው ክፍለ ሀገር ስም ነው። ሕዝቡ ራሱን ሲዳማ ነው የሚለው፤ ክልሉም በ2020 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ሲዳማ ተብሎ ነው። በዓለም ገበያ የታገልንለት ስም ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት አይደለም ማለት ነው። ስም ለማስጠበቅ ስንሟገት እንኳ የምንጠብቅላቸውን ሰዎች ምን ተብላችሁ መጠራት ትፈልጋላችሁ ብለን ላንጠይቅ እንችላለን።

የቦታ ስም በቃን። ወደ ሙያው ዞርን።

ሙያው መቁላት ነው። አማርኛው ግልጽ ነው፤ ቆላ፣ ይቆላል፣ ቆሎ። የአክስቴ ልጅ “ቆላ” የሚለውን ትልቅ አድርጋ ጻፈችው። ሁለት ፊደል ብቻ፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ እንደተሠራ ነው። ትንሽ ቆይተን ስናየው ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተነበበን። ቆላ ማለት ሞቃቱ አገርም ነው፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ሲጻፉ አንድ ናቸው። በጎ የሚባለው ቡና ደግሞ የሚወደው ወይና ደጋውን ነው፤ ከፍታው ሲጨምር ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ይጠጥራል፣ ጣዕሙም ይበረታል። ስለዚህ “ቆላ” የሙያውን ስም እየነገረ ስለ መነሻው ይዋሻል፤ ያውም ቡናችን ከዝቅተኛ ቦታ ነው ብሎ ራሳችንን በሚጎዳ ውሸት።

በሙያ ስም የተጠራ ቡና ቤት የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። ቶሞካ። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒያሳ ያለው። ስሙ ከጣሊያንኛ የሦስት ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ። ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደ ማለት ነው። ቆመው ከሚጠጡት ስንቱ ይህን ያውቃል? ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። ቃሉ ትርጉሙን ጥሎ፣ በሰባ ዓመት ጭስና ሽታ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። ዛሬ ቶሞካ ማለት ቶሞካ ማለት ነው።

ይህ ለአክስቴ ልጅ መጽናኛ አልሆነላትም። “እኔ ሰባ ዓመት የለኝም። የመጋቢት ኪራይ አለብኝ” አለችኝ።

ስሙ የተገኘው ስም እየፈለግን ሳለ አይደለም። የሙከራ ቆላ ላይ ነው። ከነጋዴው የመጣውን፣ “የደቡብ” የተባለውን ጆንያ ልትሞክር አምስት ኪሎ ማሽኑ ውስጥ ጨመረች። ቡና ሲቆላ መጀመሪያ ፍሬው ውስጥ ያለው ውኃ ይወጣል፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ሽታው እንደሚጋገር ዳቦ ይሆናል። ከዚያ ቡናማ እየሆነ ይመጣና 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን እየሰነጠቀ ይንጣጣል። እቤት በብረት ምጣድ ሲቆላ የምንሰማው ድምፅ ነው። እሷ ድምፁ ከተጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቃ ማቀዝቀዣው ላይ ዘረገፈችው። አምስት ኪሎ ገብቶ አራት ኪሎ ከሩብ ገደማ ወጣ። ውኃው ነው የሄደው፣ በየትኛውም መቁያ ቤት የሚጠፋው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ቡናው ሲቀዘቅዝ ግን ነጠብጣብ ነበረበት። በቡናማው መካከል ፈዛዛ፣ የኦቾሎኒ ቀለም ያላቸው ፍሬዎች ተበትነዋል። እኔ ማሽኑ አስተካክሎ ያልቆላው መስሎኝ “እንደገና ይግባ” አልኩ። እሷ ሳቀች። “መቶ ጊዜ ብትቆላቸው እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡና ፍሬ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ እንኳ በአንድ ቀን አይበስልም። ቀዩን ብቻ ልልቀም ያለ ሰው አንዱን ዛፍ ከጥቅምት እስከ ጥር ሦስትና አራት ጊዜ መመለስ አለበት። ለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ ከሆነ፣ ወይም ገበሬው ሌባ ከፈራ፣ ወይም ገንዘቡ ዛሬ ካስፈለገው፣ አረንጓዴውም ቀዩም አብሮ ይላጣል። ያልበሰለው ፍሬ በውስጡ ስኳሩ አልሞላም። ጥሬውን ስታዩት ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል፤ ብዙ እጅ ያልፋል፣ ማንም አይዘውም። እሳት ሲያገኘው ግን ቡናማ የሚያደርገው ነገር ስለሌለው ፈዝዞ ይቀራል። ጣዕሙ ገለባ ገለባ፣ ወረቀት ወረቀት ይላል። አንድ ሁለቱ ጀበና ውስጥ ከገቡ ያበላሹታል። የውጭ ገዥዎች ለልዩ ቡና ባወጡት መመዘኛ፣ ከተቆላው 100 ግራም ናሙና ውስጥ አንድም እንዲህ ያለ ፍሬ እንዲገኝ አይፈቀድም።

ትሪ አመጣች፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን መልቀም ጀመርን። እናቶቻችን እንደሚለቅሙት። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ከቆየን በኋላ እሷ ቀና አለችና “ለቀማ” አለች።

“ምን?”

“ስሙ። ለቀማ።”

ቃሉን አስቡት። ማሳ ላይ ቡና ሲሰበሰብ ለቀማ ነው። ኤክስፖርት መጋዘን ውስጥ ጥቁሩን፣ የተነቀዘውንና የተሰበረውን ሴቶች ሲያወጡ ለቀማ ነው። እቤት ከመቁላትና ከማጠብ በፊት ትሪ ላይ የሚደረገውም ለቀማ ነው። መነሻውም ሙያውም በአንድ ቃል ውስጥ አለ። ስኒ የለበትም፣ ጀበና የለበትም፣ ፍሬ የሚለውም ቃል አልተጠራም። ጤፍም ይለቀማል፣ ምስርም ይለቀማል፣ ጥጥም ይለቀማል፤ ስለዚህ ቡና ቡና አይልም። ቆይ ብላችሁ ስታስቡት ግን ይገባል። በላይ ደግሞ ትሪው ላይ ያለችው ፈዛዛ ፍሬ የማሳው ለቀማ እንዴት እንደነበር እዚህ፣ ገላን፣ ከብሎክ ሥር እየመሰከረች ነው። ያኛው ለቀማ የተሳሳተውን ይህኛው ያርማል።

ስሙን ለሰው ሁሉ ሞከርነው። በስልክ ተናገርነው፣ ተሰማ። በላቲን ስንጽፈው `Lekema` ሆነ፤ የውጭ አገር ሰውም አያደናቅፈውም። አክስቴ ብቻ አልወደደችውም። “የወደቀ የለቃቀማችሁ አስመሰላችሁት” አለች። እውነት አላት፤ ቃሉ ቃርሚያም ይሸታል። እኛ ግን ያንን ጉድለት ወደድነው።

ከዚያ ነው እማማ የመጡት።

እማማ ከኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጭሱን አይተው ሊቆጡ መጥተው ነበር፤ ትሪውን ሲያዩ ግን ቁጭ አሉና ሳይጠየቁ መልቀም ጀመሩ። እጃቸው አይታይም። እኛ ሁለታችን በግማሽ ሰዓት ያልጨረስነውን በአሥር ደቂቃ አጸዱት። ለካ በዚሁ በቃሊቲ በኩል አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ 11 ዓመት ለቅመዋል። ይህን ሰፈር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከአቃቂ እስከ ገላን ያሉት መጋዘኖች ውስጥ ቡና ተበጥሮ፣ ተለቅሞ፣ በጆንያ ታሽጎ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ገላን ቡና አይበቅልባትም እንጂ ቡና ያልፍባታል።

የአክስቴ ልጅ በደስታ ስሙን ነገረቻቸው። እማማ ፈገግ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና “ልጆቼ፣ እኔ እዚያ ስለቅም ስሜን የጠራኝ አልነበረም። ቁጥር ነበረኝ። አሁን ሥራው ስም ሆኖ ሊሰቀል ነው በሉኛ” አሉ። ቀጥለውም፣ እየሳቁ ይሁን እየተቆጡ ሳላውቅ፣ “ለዚህ ማንን አስፈቀዳችሁ?” አሉን።

መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ መከላከል ነበር። ቃል የማንም አይደለም። ለቀማ የሚለውን ለመጠቀም ፈቃድ የሚሰጥ ለቃሚ ከየት ይመጣል? ቋንቋው የኔም ነው፣ እናቴም ስትለቅም ነው ያደገችው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ክርክሩን ሳዳምጠው የት እንደሰማሁት አወቅሁ። ያ የአሜሪካ ማኅበር ስለ ሲዳሞ ያለው ነው። ቃሉ የሁሉም ነውና የማንም አይደለም። የማንም ካልሆነ ደግሞ ቀድሞ የለጠፈው ይጠቀምበታል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ቃሉን በንግግር ስጠቀም ከማንም ላይ አልወሰድኩም። ደጃፍ ላይ ስለጥፈው ግን ሌላ ነገር እየሠራሁ ነው፤ ቃሉ የያዘውን ክብር ወደ ገንዘብ እየለወጥሁ ነው። “ለቀማ” ለደንበኛ የሚሸጠው ትጋትን ነው፤ ጎንበስ ያለ ወገብን፣ ፍሬ በፍሬ የሚያይ ዓይንን። ያ ትጋት የኔ ሳይሆን ስሙን ብቻ ከወሰድኩት “ሽርክና” ብሎ ምርት ከሰየመው በምን እበልጣለሁ? በትንሽነቴ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሐሳቤ ስሙን መተው ነበር። ንጹሕ ሆኖ መውጣት። ትርጉም የሌለው ቃል ፈጥረን ብንጠራው ለማንም ዕዳ የለብንም፤ ባለሥልጣኑ ጋም በቀላሉ የሚመዘገበው እንዲህ ያለ የተፈጠረ ቃል ነው። ግን ይህ ማንን ይጠቅማል? ለቃሚዋ ዱሮም አልተጠራችም፣ አሁንም አትጠራም። ዕዳውን ላለመክፈል ስል አበዳሪዋን እንደማላውቃት መሆን ነው። ኢትዮጵያ ከስታርባክስ የጠየቀችው ስሙን እንዲተው አልነበረም፤ የማን እንደሆነ አምኖ እንዲይዘው ነበር።

ስለዚህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ከሰው አገር ወይም ከሰው ሥራ የተወሰደ ስም ሐቀኛ የሚሆነው ባለቤቶቹ ደጃፉ ላይ ቆመው “እስኪ አሳየኝ” ቢሉ የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። ይርጋጨፌ ብዬ ብጠራው የይርጋጨፌ ገበሬ መጥቶ ጆንያዬን ፍታ ቢለኝ አፍራለሁ። ለቀማ ብዬ ብጠራው ግን እማማ ትሪህን አሳየኝ ሲሉኝ ማሳየት እችላለሁ፤ ከቻልኩ። ቡናው ከየት እንደመጣ ደግሞ ስሙ አይናገር። በየዓመቱ የሚለወጥን ነገር ከረጢቱ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ወረዳው፣ የታጠበ ይሁን ጀንፈል፣ የተለቀመበት ዓመት፣ የተቆላበት ቀን። ነጋዴው ካልነገረን “አልተነገረንም” ብለን እንጽፋለን። ስሙ የሚይዘው እኛ በየቀኑ የምናደርገውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ይህንን ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። እሷ ከኔ ፈጥና ወደ ተግባር ሄደች። የለቃሚዎቹን ስም ከረጢቱ ላይ እናትም አለች። እማማ ጋ ወርደን ነገርናቸው።

“ስሜን አትጻፉ” አሉ። “ስሜን ከምትጽፉልኝ የሚከፈለውን ደህና አድርጉት። በኪሎም አትክፈሉ። በኪሎ ስትከፍሉ ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ሰው ያሳልፋል።”

አየሁት። ማሳው ላይ ያልበሰለው ፍሬ የተቆረጠበት ምክንያት ራሱ ነው። እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ለቀማዎች አገናኟቸው።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እማማና አንዲት ጎረቤታቸው በሰዓት እየተከፈላቸው ይለቅማሉ፤ አንዴ ከመቆላቱ በፊት፣ አንዴ ከተቆላ በኋላ። ሒሳቡ አይመችም። ከአንዱ ቆላ ሁለት መቶ፣ አንዳንዴ ሦስት መቶ ግራም ተለቅሞ ይወጣል፣ በላዩ የሰዓቱ ክፍያ አለ፤ አጠገባችን ካለው ወፍጮ ቤት ይልቅ ኪሎው በግልጽ ይወደዳል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ አለችኝ፤ “ገንዘብ ያጠረኝ ቀን መጀመሪያ የማቋርጠው ይህንን ነው ብዬ እፈራለሁ።” እኔም እፈራለሁ። ያን ቀን ሰሌዳው መውረድ አለበት ብያታለሁ። ቀላል ነው ለኔ ማለት፤ ኪራዩን የምከፍለው እኔ አይደለሁም።

ስሙ ይመዝገብ አይመዝገብ ገና አልታወቀም። ለቡና በተመደበው 30ኛው ክፍል አመልክተናል። መርማሪው ቃሉ የቡናን አሠራር ብቻ የሚገልጽ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ ቢጥለው ያስቆጣኝ ይሆን ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ብዙም የሚያስቆጣኝ አይመስለኝም። ቢመዘገብ ጥበቃው ለሰባት ዓመት ነው፣ ሲያልቅም ይታደሳል፤ ግን ሌላ ሰው ከረጢቱ ላይ “በእጅ የተለቀመ” ብሎ ቢጽፍ ልከሰው አልችልም፣ ልከሰውም አይገባኝም። ቃሉን የያዝነው በአደራ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሰሌዳው ባለፈው ሳምንት ተሰቀለ። ጥቁር ላይ በነጭ፣ ሥዕል የለበትም። መስኮቱ ላይ አንድ የመስታወት ማሰሮ አለ፣ ከየቆላው ተለቅመው የወጡት ፈዛዛ ፍሬዎች ይጠራቀሙበታል። አንድ ልጅ ትናንት ገብቶ “ይሄ ምንድነው፣ ኦቾሎኒ ትሸጣላችሁ?” አለ። እማማ ከትሪው ቀና ሳይሉ፣ “አይ ልጄ፣ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው” አሉት።